ደሞዝ፣ ግማሽ በግማሽ ወይስ ሙሉ የግል ሥራ? የዲዛይነር ምርጫ በክፉው ወር ሲመዘን

መጋቢት መጨረሻ ላይ አንዲት ጓደኛዬ ደብተሯን ይዛ ቤቴ መጣች። እንደኔ ግራፊክ ዲዛይነር ናት። ደሞዝተኛ ሆና ስትሠራ ቆይታ ለቃ የግሏን ከጀመረች ልክ ዓመት ሆኗታል። ደብተሩ ላይ ከሚያዝያ እስከ መጋቢት የገባላትን ብር ሁሉ ጽፋለች። ድምሩ 420,000 ብር ነው። ለአሥራ ሁለት ሲካፈል በወር 35,000። ስትለቅ ያልተጣራ ደሞዟ 25,000 ነበር።

«ታዲያ ለምንድን ነው ተበድሬ የምኖረው?» አለችኝ።

ወር በወር አየነው። የካቲት 6,000 ብር ገብቷል። መጋቢት 9,500። ሐምሌ ደግሞ 11,000። የቀረው ገንዘብ በሙሉ የመጣው በዘጠኙ ወራት ነው። የወር ወጪዋ 15,000 ነው፤ ከዚያ ውስጥ 7,000ው የቤት ኪራይ ነው። ኪራዩን የምትከፍለው ግን በየሦስት ወሩ አንዴ ነው፤ ተራው የደረሰው መጋቢት ላይ ሆነ። ስለዚህ 9,500 ብር በገባበት ወር 29,000 ወጣ። ጥር ላይ ጥሩ ብር ነበራት፤ ላፕቶፕ ቀየረችበት፤ የእህቷን ሰርግ ደገሰችበት።

ብዙዎቻችን ሥራ ልልቀቅ አልልቀቅ ስንል የምናወዳድረው አማካዩን ነው። አማካይ ኪራይ አይከፍልም። ሦስቱንም መንገድ በክፉው ወራቸው ነው የምመዝናቸው። ክፉው ወር ምን ያህል ክፉ ነው? መቼ ይመጣል? ሲመጣ ምን ይይዘኛል? ከታች ያለው ንጽጽር አዲስ አበባ ላለ ዲዛይነር የተጻፈ ነው።

በመጀመሪያ ደሞዙ በእውነት ስንት ነው?

ያንኑ 25,000 ብር እንውሰድ። አሁን ባለው የገቢ ግብር ስሌት 6,700 ብር ግብር ይቆረጣል። ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 1,750 ብር ይሄዳል። እጅ ላይ የሚደርሰው 16,550 ነው። ጓደኛዬ «16,000 ምናምን ነው የማገኘው የነበረው፤ ይህን መተካት አያቅተኝም» ብላ ነው የለቀቀችው። ግን ደሞዙ 16,550 ብቻ አልነበረም።

አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ጡረታ ይከፍልላታል፤ 2,750 ብር። የእሷን ሲጨምር በየወሩ 4,500 ብር ለእርጅናዋ ይቀመጣል። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የተከፈለ ዕረፍት ይሰጣታል። ብትታመም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ይከፈላታል። ብትወልድ 120 ቀን ከነደሞዟ ታርፋለች። ሌላም በቁጥር የማይታይ ነገር አለ። ይህ የደሞዝ ማስረጃ የምንለው ወረቀት ነው። ባንክ ብድር ስትጠይቁ፣ ኤምባሲ ስትሄዱ፣ ለወንድማችሁ ዋስ ስትሆኑ የሚጠየቀው እሱ ነው። ከለቀቃችሁ በኋላ የምታገኙት የሥራ ልምድ እንጂ የደሞዝ ማስረጃ አይደለም። ብድር የምትፈልጉ ከሆነ ሳትለቁ ጨርሱት።

አሁን ወደ ግል ሥራ እናምጣው። 16,550 እጅ ላይ እንዲቀር፤ 4,500 ለጡረታ ምትክ፤ የ120,000 ብር ላፕቶፕ በአራት ዓመት ይተካ ብንል በወር 2,500፤ ኢንተርኔትና ዳታ 1,500፤ የሒሳብ ባለሙያና ጥቃቅን ወጪ 2,000። ድምሩ 27,050 ይሆናል። እኔ ከማስከፍለው አንድ አምስተኛውን ለግብር ለይቼ አስቀምጣለሁ። ያንን ስንጨምር ወደ 34,000 ይጠጋል። በዓመት ውስጥ በደንብ ሥራ ያለው አሥር ወር ነው ብለን ከያዝን ደግሞ በእያንዳንዱ የሥራ ወር 41,000 ብር ማስከፈል ያስፈልጋል።

ሰዓቱም ሌላ ጉዳይ ነው። በወር 176 ሰዓት ብትሠሩ የሚከፈልበት ግማሽ ያህሉ ነው። የቀረው ደንበኛ መፈለግ፣ ማተሚያ ቤት መመላለስ፣ ዋጋ መነጋገር፣ ብር መለመን ነው። በእኔ የሰዓት ማስታወሻ 80 ሰዓት አካባቢ ነው የሚወጣው። 41,000 ለ80 ሲካፈል በሰዓት 500 ብር ትንሽ ይዘላል። ጓደኛዬ ደሞዝተኛ ሳለች በሰዓት 140 ብር ገደማ ይከፈላት ነበር። የግሏን ስትጀምር «ከቢሮው እጥፍ ልጠይቅ» አለች፤ 280 ማለት ነው። እጥፍም አልበቃም።

የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበት። መንገዱ አንድ ነው።

አንደኛው መንገድ፦ ደሞዝ ይዞ ማታ ማታ መሥራት

የዚህ መንገድ ክፉ ወር ክፉ አይደለም። የግል ሥራው ዜሮ ቢሆን እንኳ 16,550ው ይገባል። ለዚህ ነው መነሻው ከዚህ ቢሆን የምለው። የሚበላው ግን ጉልበትን ነው።

እኔ ራሴ አምስት ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ። አንድ ታኅሣሥ ከሥራ ገብቼ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሬ የሰርግ ጥሪ ካርድ እሠራ ነበር። ሦስተኛ ካርዴ ነበር በዚያ ሳምንት። ከቀደመው ካርድ ጽሑፉን ገልብጬ ስሙን ቀየርኩ፤ ቀኑን ቀየርኩ፤ ዕለቱን አልቀየርኩም። ካርዱ «እሑድ ጥር 17» ብሎ ታተመ። ጥር 17 ቅዳሜ ነበር። 300 ካርድ። የሙሽራዋ እናት ስልክ ደውለው «ልጄ፣ እንግዶቹን በየትኛው ቀን ልጥራ?» ሲሉኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በራሴ ብር አሳተምኩ። ከዚያ ሥራ ትርፍ ቀርቶ ከደሞዜም ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። የመጨረሻውን ናሙና ማታ አልክም፤ ጠዋት አንብቤው እልካለሁ። ደንበኛው ደግሞ ስም፣ ቀን፣ ዕለት፣ ስልክና ቦታ አንድ በአንድ አይቶ «ይታተም» ብሎ ካልጻፈልኝ ወደ ማተሚያ ቤት አይሄድም። በቴሌግራም ቢጽፍም ይበቃል። ዋናው ጽሑፍ መሆኑ ነው፤ በስልክ «ጥሩ ነው ባክሽ» መባሉ አይቆጠርም።

ይህን መንገድ የምትይዙ የሥራ ውላችሁን አንብቡ። የእኛ የቅጂ መብት ሕግ ሠራተኛ በሥራው ላይ የፈጠረው ነገር፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው ይላል። የማታ ሥራችሁን በቢሮ ኮምፒውተር፣ በቢሮ ሰዓት ከሠራችሁ «የኔ ነው» ማለት ያስቸግራችኋል። በራሳችሁ ላፕቶፕ፣ በራሳችሁ ኢሜይል ሥሩ። የአሠሪያችሁን ደንበኛ አትንኩ።

ማታ ለሚሠራ ሰው የሚመች ደንበኛ ውጭ ያለው ሐበሻ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ጠዋት ሲሆን እኛ ጋ ማታ ነው። የምግብ ቤት ሜኑ፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የቤተ ክርስቲያን ፖስተር ያሠራሉ። አማርኛ ፊደል አሳምሮ የሚደረድር ሰው እዚያ በቀላሉ አያገኙም። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይመራ ከተባለ በኋላ የእነሱ ክፍያ ለእኛ ከፍ ብሏል። ክፍያው በባንክ በኩል ይምጣ፤ ማስረጃው ይጠቅማችኋል።

ይህ መንገድ እንደማያዛልቅ የሚታወቀው በስህተት ነው። በሁለት ወር ውስጥ ሁለቴ የራሳችሁን ጥፋት በራሳችሁ ብር ካሳተማችሁ፣ ወይ ሥራ ቀንሱ ወይ መንገድ ቀይሩ።

ሁለተኛው መንገድ፦ ግማሽ በግማሽ

እኔ አሁን ያለሁት እዚህ ነው፤ ለአብዛኛው ሰውም የምመክረው ይህን ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። መሠረታዊ ወጪን የሚሸፍን ቋሚ ገቢ በግማሽ ጊዜ ማግኘት፤ በቀረው ግማሽ የፈለጉትን መሥራት። ቋሚው ገቢ የግማሽ ቀን ቅጥር ሊሆን ይችላል፤ ኮሌጅ ማስተማር ሊሆን ይችላል። ለእኛ በጣም የሚመቸው ግን ወርሃዊ ውል ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ ቡና ላኪ በየወሩ 12 የፌስቡክና የቴሌግራም ፖስት፣ አንድ ባነርና ትንንሽ የማሸጊያ ማስተካከያ ይፈልጋል። በወር 9,000 ብር። አንድ የግል ክሊኒክ ተመሳሳይ ነገር በ8,000። በድምሩ 17,000 ብር። ሥራው በሳምንት ሁለት ቀን ገደማ ይወስዳል። የጓደኛዬን 15,000 ወጪ ይሸፍናል ማለት ነው። ክፉው ወር 6,000 መሆኑ ቀርቶ 17,000 ይሆናል። ሰርግ ቢመጣ ባይመጣ፣ ጾም ቢገባ ባይገባ።

ሰው የሚሳሳተው ውሉ ላይ ነው። «ድርጅቱ የሚያስፈልገውን የዲዛይን ሥራ ሁሉ ትሠራለች» የሚል ውል አትፈርሙ። ያ ውል ጡረታና ዕረፍት የሌለው ቅጥር ነው። በቁጥር ይጻፍ፦ 12 ፖስት፣ 1 ባነር። ከዚያ ያለፈ በተናጠል ይከፈላል። በአንድ ወር ያልተጠቀሙበት ለቀጣዩ ወር አይዞርም፤ አለበለዚያ ጳጉሜን ላይ 40 ፖስት ባንዴ ይጠየቃል። ክፍያ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን። ውሉን ማቋረጥ የፈለገ ከ30 ቀን በፊት ያሳውቅ። ይህ የመጨረሻው በጣም አስፈላጊ ነው። ተቀጣሪ ሲለቅ 30 ቀን ቀድሞ ማስታወቅ አለበት፤ እናንተም ያንኑ ጊዜ ከደንበኛችሁ ጠይቁ። ሌላ ደንበኛ ለመፈለግ አንድ ወር ያስፈልጋል።

የአንድ ደንበኛ ድርሻ ከገቢያችሁ ግማሽ እንዳያልፍ ጠብቁ። ካለፈ አለቃ አግኝታችኋል ማለት ነው፤ ያውም ሲከፋው በአንድ የስልክ ጥሪ የሚያሰናብት። ምልክቱ ግልጽ ነው። ሌላ ሥራ ስትቀበሉ እሱን ማስፈቀድ ከጀመራችሁ፣ ቢሮው ገብታችሁ እንድትፈርሙ ከተጠየቃችሁ፣ ያ ሰው ቀጥሯችኋል። እንግዲያውስ ይቅጠራችሁ፤ ጡረታውንም ይክፈል።

ድርጅቶች ያለ ደረሰኝ አይከፍሉም። ስለዚህ ይህ መንገድ ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ይፈልጋል። ብዙ ልጆች ይህን ፈርተው በሌላ ሰው ደረሰኝ ይሠራሉ። ተዉት። ገቢው በዚያ ሰው ስም ይቆጠራል፤ እናንተ የሠራችሁበት ማስረጃ አይኖራችሁም፤ ሲመረመር ደግሞ ሁለታችሁም ትጠየቃላችሁ። ድርጅቱ ሲከፍል ዊዝሆልዲንግ ከቆረጠ የቆረጠበትን ደረሰኝ ያንኑ ቀን ተቀበሉ። ግብር ስትከፍሉ የሚቀነስላችሁ በዚያ ወረቀት ነው። እኔ የሁለት ደንበኛ ወረቀት ነገ እወስዳለሁ እያልኩ አንድ ዓመት ጠፍቶብኝ ሁለቴ ከፍያለሁ።

ሦስተኛው መንገድ፦ ሙሉ በሙሉ የግል

ክፉው ወር እዚህ በጣም ክፉ ነው፤ ጥሩው ወርም በጣም ጥሩ ነው። ደስ የሚለው ነገር ክፉው ወር መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ መታወቁ ነው። የኛ ሥራ የቀን መቁጠሪያ አለው።

ከኅዳር እስከ ጥር የሰርግ ካርድ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም፤ የካቲትና መጋቢት ቀዝቃዛ ይሆናሉ። የሙስሊሞችና የፕሮቴስታንቶች ሰርግ ትንሽ ይደግፋል። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይሞቃል። ግንቦትና ሰኔ የመንግሥት በጀት የሚዘጋበት ጊዜ ነው፤ ሰኔ 30 ሳይደርስ ብሮሹርና ሪፖርት ይታተማል። ሐምሌ ጸጥ ይላል። ነሐሴ የቀን መቁጠሪያና የአጀንዳ ወር ነው፤ እንቅልፍ የለም።

ነገር ግን የሥራው ወርና የብሩ ወር አንድ አይደሉም። ነሐሴ ላይ ለመሥሪያ ቤት የሠራችሁት የቀን መቁጠሪያ ክፍያው ጥቅምት ላይ ሊገባ ይችላል። ግለሰብ ደንበኛ በቴሌብር ወዲያው ይልካል፤ ትልቅ ድርጅት ሁለት ወር ያስጠብቃል። ደብተራችሁ ላይ ሁለት ዓምድ ይኑር፤ ሥራው ያለቀበት ቀንና ብሩ የገባበት ቀን። ጓደኛዬ የመጀመሪያው አልነበራትም። ለዚህ ነው ሐምሌ ሲደርቅባት ግራ የገባት፤ የሰኔውን ሥራ ብር እየጠበቀች ነበር።

ትልቁ ቀዳዳ ግን «ትንሽ ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት። አንድ ዳቦ ቤት ለከፈተ ሰው ሎጎ በ8,000 ብር ተስማማሁ። ሰውየው ጨዋ ናቸው። ማታ አራት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ይመጣሉ፦ «እህቴ፣ ቀለሙን ትንሽ ሞቅ አድርጊልኝ።» በማግሥቱ፦ «ስንዴዋን ትንሽ ጎንበስ።» ከዚያ ባለቤታቸው አዩት። ከዚያ አሜሪካ ያለ ወንድማቸው አየው። አሥራ አንድ ጊዜ ተቀየረ። ሰዓቴን ስደምር 31 ሆነ። 8,000 ለ31 ሲካፈል 258 ብር ነው፤ ከሚያስፈልገኝ ግማሹ። ሰውየው አልበደሉኝም፤ ስንት ጊዜ እንደሚቀየር ቀድሜ አልነገርኳቸውም።

አሁን ከመጀመሬ በፊት የምልከው መልእክት እንዲህ ይላል፦ ግማሹ በቅድሚያ ይከፈላል፤ ሦስት አማራጭ አሳያለሁ፤ ከተመረጠው ላይ ሁለት ዙር እርማት አለ፤ ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ዙር 1,000 ብር ነው፤ ዋናው ፋይል ቀሪው ክፍያ ሲገባ ይላካል። አስተያየት የሚሰጠው ሰው አንድ ይሁን፤ ቤተሰቡ ቀድሞ ይነጋገርበት። ከዚህ በኋላ የሄደ ደንበኛ አለ። የቀሩት ግን በሁለት ዙር ይጨርሳሉ።

ዕቁብን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ለደሞዝተኛ ዕቁብ ቁጠባ ነው። ሙሉ የግል ለሚሠራ ሰው ግን የካቲትም ሐምሌም የማይምር ግዴታ ነው። ጓደኛዬ በወር 5,000 የሚጣልበት ዕቁብ ነበራት፤ የካቲት ላይ ከገባላት 6,000 ውስጥ አምስቱን ጣለች። በክፉው ወራችሁ መጣል የምትችሉትን ያህል ብቻ ግቡ። ዳኛውን አነጋግራችሁ ዕጣችሁ የካቲት አካባቢ እንዲሆን መለመን ይቻላል፤ ሌላው ጥር ለሰርግ ይፈልጋታልና ብዙ ጊዜ ይስማማሉ።

በዚህ መንገድ የሚገባ ሰው ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ በእጁ ይኑር፤ ለጓደኛዬ ቢሆን 45,000 ብር። በሌላ ባንክ፣ ከስልኩ አፕ ጋር ባልተያያዘ ደብተር።

ለማን የቱ ይሻላል?

ልጅ ለመውለድ ያሰበ፣ ቤተሰብ የሚጦር ወይም ብድር ያለበት ሰው በአንደኛው ይቆይ፤ የማታ ሥራውን ግን በወር ሁለት ላይ ይገድብ። ዕዳ የሌለበት፣ ቢያንስ አንድ ወርሃዊ ደንበኛ ማታ እየሠራ ያገኘ ሰው ወደ ሁለተኛው ይሻገር። ሦስተኛውን የምመክረው ዋጋውን በሰዓት አስልቶ 500 ሲጠይቅ ደንበኛ የማይሸሽበት፣ የሦስት ወር ወጪ ያስቀመጠና ቢያንስ አንድ የካቲትን በማታ ሥራ ገቢው ብቻ ለመኖር ሞክሮ ያየ ሰው ከሆነ ነው። ሙከራው ቀላል ነው። የወሩን ደሞዝ ሳትነኩ አስቀምጡና በሌላው ኑሩ። ካልቻላችሁ ደሞዙ እዚያው አለ።

ጓደኛዬ ወደ ደሞዝ አልተመለሰችም። ያንን ቀን ቁጭ ብለን ከደብተሯ ላይ በዓመቱ ከሦስት ጊዜ በላይ ያሠሯትን ደንበኞች ለየን። አራት ናቸው። ለአራቱም የወርሃዊ ውል ሐሳብ ጻፈችላቸው። ሁለቱ ተስማሙ፤ በድምሩ 14,000 ብር። ከ15,000ው የጎደላት 1,000 ብር ብቻ ነው።

የምትለቁበትን ጊዜ በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የሚለቀው ጥር መጨረሻ ላይ ነው። የሰርጉ ብር ኪሱ ውስጥ ነው፤ ድካሙም አናቱ ላይ ወጥቷል። ከፊቱ ግን የካቲትና መጋቢት አሉ። የምትለቁ ከሆነ ማስታወቂያውን ሰኔ መጨረሻ አስገቡ፤ ሐምሌን ከነደሞዛችሁ ጨርሱ። ነሐሴ አንድ ቀን ነፃ ስትሆኑ የቀን መቁጠሪያው ሥራ በር ላይ ይጠብቃችኋል።